ከውጭ የተላከ ገንዘብ በመንገድ ላይ የሚቀነስበትና የሚመነዘርበት አሠራር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወንድሜ 500 ዶላር ልኮልኝ ባንኩ የመነዘረልኝ 470ውን ብቻ ነው። 30ው የት ገባ?

መልስ፦ ሁለቱ ባንኮች እርስ በርስ ሒሳብ ከሌላቸው ገንዘቡ በመካከለኛ ባንክ በኩል ያልፋል፤ እሱም ክፍያውን የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ከሚያልፈው ገንዘብ ላይ ቀንሶ ነው። ብዙ ሰው ላኪው የያዘውን የMT103፣ ማለትም ባንኮች ክፍያን ለማስተላለፍ የሚላላኩት መልእክት፣ ቅጂ ያቀርባል፤ ያ ግን ገንዘቡ ገና ሲወጣ የተጻፈ ስለሆነ በኋላ የተቀነሰውን አያሳይም። እርስዎ የሚያስፈልግዎት ለራስዎ ባንክ የደረሰው መልእክት ነው። መጀመሪያ የታዘዘው መጠን በሚጻፍበት 33B ላይ 500፣ የተቀነሰው ክፍያ በሚጻፍበት 71F ላይ 20፣ ለባንክዎ የደረሰው ገንዘብ በሚጻፍበት 32A ላይ 480 ካዩ፣ ቀሪውን 10 ዶላር የቀነሰው የራስዎ ባንክ ነውና ማብራሪያ የሚጠይቁትም እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ላኪው OUR ብሎ ቢሞላ ኖሮ ሳንቲም አይቆረጥም ነበር፤ ለምን ይህን አልነገርካቸውም?

መልስ፦ በከፊል ልክ ነህ። OUR ማለት ወጪውን ላኪው ይሸፍናል ማለት ነው፤ በSHA ይጋሩታል፣ በBEN ሁሉም በተቀባዩ ላይ ይወድቃል። ሆኖም OUR ተብሎም መካከለኛው ባንክ የሚቀንስበት ጊዜ አለ፤ ተቀባዩ ባንክም የራሱን የመቀበያ ክፍያ ሊያስከፍል ይችላል። OUR መባሉ የምንዛሪ ተመኑን ደግሞ ፈጽሞ አይነካውም።

ጥያቄ፦ አንድ ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት «ክፍያ የለም» እያለ በ1 ዶላር 94 ይሰጣል፤ ባንኩ 97 ይሰጣል። ባንኩ አይሻልም?

መልስ፦ በተላከው መጠን ይወሰናል። በዕለቱ በገበያው የመግዣና የመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ተመን 100 ነው እንበል። ድርጅቱ ክፍያ የለም ቢልም በእያንዳንዱ ዶላር ላይ 6 ያስቀራል፤ ባንኩ 3 ብቻ ያስቀራል፣ ነገር ግን ቀደም ሲል የተጠቀሰው 30 ዶላር አስቀድሞ ወጥቷል። 500 ዶላር በድርጅቱ በኩል 47,000 ይሆናል፤ በባንኩ በኩል 470 ዶላር በ97 ተባዝቶ 45,590 ይሆናል። ስለዚህ በዚህ መጠን ተመኑ የከፋው ድርጅት ይሻላል። ሁለቱ የሚተካከሉት 970 ዶላር ላይ ሲሆን ከዚያ በላይ ባንኩ ይበልጣል፤ ቁርጥ ያለው ክፍያ ትንሹን ገንዘብ ይጎዳል፣ የተመኑ ልዩነት ግን ከገንዘቡ ጋር ያድጋል። ላኪው ለብቻው የሚከፍለው የመላኪያ ክፍያ ካለም መደመር አለበት። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ለሚልክ ሰው ጠቅልሎ መላክ የሚያዋጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ለእኔ የሚላከው ፓውንድ ነው፤ በባንኩ ሰሌዳ ላይ ባለው ዋጋ ሳሰላው ግን ሁልጊዜ ያንሳል። እኔንም 30 ዶላር እየቆረጡኝ ነው?

መልስ፦ የእርስዎ ነገር የተለየ ይመስለኛል። 32A ላይ የገንዘቡ ዓይነት USD ከሆነ፣ ፓውንዱ በመንገድ ላይ ወደ ዶላር ተቀይሮ እንደገና በአገርዎ ገንዘብ ተመንዝሯል፤ በእያንዳንዱ ምንዛሪ ላይም ልዩነት ተወስዷል። GBP ከሆነ ግን ያሰሉት በመሸጫው ረድፍ ወይም ገንዘቡ በተላከበት ቀን ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ባንኩ ከእርስዎ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ገቢ ባደረገበት ቀን የመግዣ ተመን ነው። ከነገሩኝ ብቻ የትኛው እንደሆነ መለየት አልችልም፤ የገቢ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን የገንዘብ ዓይነትና ቀን ይጻፉልኝ።