ጥያቄና መልስ፦ ግራጫው ክሬሙን ለምን ያቆሽሸዋል?

ጥልፍ፦ ግራጫ ሱሪ ከክሬም ሸሚዝ ጋር ለበስኩ። ሁለቱም ከሁሉ ጋር ይሄዳሉ ይባላል፤ ሸሚዙ ግን ያልታጠበ መሰለ። ምንድን ነው ችግሩ?

ነካሪው፦ ግራጫ ሁሉ አንድ አይደለም። የአንተው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ይመስለኛል፤ ክሬም ደግሞ ወደ ቢጫ ያደላል። ዓይን ጎን ለጎን ያሉ ቀለሞችን ልዩነት ያጋንናል። ስለዚህ ሱሪው የሸሚዙን ቢጫነት ያወጣዋል፤ ቢጫ ያዘለ ነጭ ደግሞ የቆሸሸ ነጭ ይመስላል። ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በጎብለን የስጋጃ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉን ሲመራ «ጥቁሩ ክር ደብዝዟል» የሚል ቅሬታ ቀርቦለት ነበር። ጥፋቱ የክሩ ሳይሆን አጠገቡ የተሸመኑት ቀለሞች መሆኑን ደረሰበት፤ በ1839 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ።

አንድ ግራጫ ብቻውን ሲታይ ምስጢሩን አይናገርም። ሁለት ሦስት ግራጫ ልብስ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ዘርጋ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ወይ ሸሚዙን ንጹህ ነጭ አድርገው፣ ወይ ሱሪውን ቡናማ ያዘለ ግራጫ።

መርፌ፦ በአጭሩ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቃት ቀለምና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ቀለም አይቀላቀሉም ማለት ነው።

ክር፦ ታዲያ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ከቡኒ ጫማ ጋር ለምን ያምራል?

ነካሪው፦ ክር ልክ ነው። የሚያጣላው መራራቅ ሳይሆን ለጥቂት መሳት ነው። ኮቱና ጫማው በግልጽ ስለሚለያዩ ታስቦበት የተደረገ ይመስላል። ክሬሙ ግን ነጭ ለመሆን ሞክሮ ያልተሳካለት ይመስላል።

ዘርፍ፦ እኔ የቆዳዬ ቀለም ሞቃት ነው ተብያለሁ፣ ምን ልልበስ?

ነካሪው፦ እዚህ የምናወራው ስለ ልብስና ልብስ ነው።

ቁልፍ፦ ደማቅ ብርቱካናማ ሹራብ ከወይራ አረንጓዴ ሱሪ ጋር ስለብስ ሱሪው ያረጀ ይመስላል። ሁለቱም ሞቃት አይደሉም እንዴ?

ነካሪው፦ ናቸው፤ እዚህ የተጣላው ድምቀታቸው ነው። ሹራቡ የላይኛውን ግማሽ ሲይዘው፣ ዝም ያለው አረንጓዴ የነጣ ይመስላል። ብርቱካናማውን ወደ ሸክላ ቀለም አውርደው። ካልሆነ ወደ ካልሲ ወይም ወደ ሻርፕ አሳንሰው።

መርፌ፦ እኔ ግን ሁለቱንም ደማቅ አደርጋለሁ፣ ያምርብኛል።

ነካሪው፦ ሁለቱም እኩል ሲጮኹ ይሠራል። የሚያስቸግረው አንዱ ብቻ ሲጮህ ነው።

ክር፦ ግማሹን ሰውነት ይዞ አንዱ ብቻ ሲጮህም ያማረበት አይቻለሁ።

ዘርፍ፦ በጥቅሉ ምን ከምን ይሄዳል?

ነካሪው፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለውም። የትኛው ልብስ፣ በየትኛው ብርሃን?

ሽፋን፦ ቀይ ሸሚዝና አረንጓዴ ሱሪ ቀለማቸው በጣም ይለያያል፤ አብረው ግን ዓይን ያደክማሉ።

ነካሪው፦ በስልክህ ፎቶ አንሳና ጥቁርና ነጭ አድርገው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ፣ የሚለያዩት በቀለም ብቻ ነው፤ በጥቁረታቸው እኩል ናቸው። ድንበሩ የሚንቀጠቀጥ የሚመስለው ለዚህ ነው። አንዱን በደንብ አጥቁረው።

ጥልፍ፦ ሱቅ ውስጥ ኮቱና ሱሪው አንድ ጥቁር ነበሩ፤ ውጭ ስወጣ ኮቱ ቀላ።

ነካሪው፦ በቀን ብርሃን እዩ ብያለሁ እኮ! በተለያየ ማቅለሚያ የተነከሩ ናቸው፤ በአንድ መብራት ቢመሳሰሉም በሌላው ይለያያሉ። ለየብቻ የተገዛ ጥቁር ለማመሳሰል አትድከም፤ ሱሪውን ግራጫ አድርገው።

ሽፋን፦ ግራጫው ከክሬም ሸሚዝ ጋር ይሄዳል?

ነካሪው፦ ከላይ አንብብ።