ወጣ ገባ ኩሬ ስንት ውሃ ይይዛል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ። አዳማ አካባቢ ሽንኩርት የምናጠጣበት ኩሬ አለን። ቅርጹ ወጣ ገባ ነው፣ መሐሉም ይታጠፋል። ርዝመቱን በወርዱና በጥልቀቱ ሳባዛው የሚመጣው ቁጥርና ሞተሩ የሚያወጣው ውሃ አይገናኝም። ትክክለኛውን እንዴት ነው የማገኘው? ኢንጂነር ለማምጣት አቅም የለኝም።»

ወንድሜ፣ እኔም በዚሁ ተቃጥያለሁ። ከአዳማ ወጣ ብላ ባለችው መሬቴ ላይ ኩሬ ሳስቆፍር፣ የቆፈረልኝ ሰው በሜትር ለካና ርዝመት 24፣ ወርድ 10፣ ጥልቀት 2.2 አለኝ። ተባዝቶ 528 ሜትር ኪዩብ። እኔም አምኜ ሩብ ሄክታር ሽንኩርት ተከልኩ። ሩብ ሄክታር ላይ አንዴ 4 ሳንቲ ሜትር ውሃ ለማዳረስ 100 ሜትር ኪዩብ ይፈጃል። የቦዩ ተራ እስኪደርሰኝ አምስት ጊዜ አጠጣለሁ ብዬ ነበር። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ሞተሩ ጭቃ መሳብ ጀመረ።

ሰውየው አልዋሸም። የለካው ግን በጣም ረጅሙን፣ በጣም ሰፊውንና በጣም ጥልቁን ቦታ ነው። እንደዚያ የሚባዛው ሳጥን ነው። የኔ ኩሬ ዳር ዳሩ ላይ ጥልቀቱ ዜሮ ነው፣ ወደ ሁለቱ ጫፎችም ይጠባል። ያንተም እንደዚያ ይመስለኛል።

መፍትሄው ኩሬውን እንደ ዳቦ በሐሳብ መቆራረጥ ነው። የእያንዳንዱን ቁራጭ ፊት ስፋት ታወጣለህ፣ ከዚያ በቁራጩ ውፍረት ታባዛለህ።

መጀመሪያ ከኩሬው አጠገብ፣ በረዥሙ በኩል፣ አንድ ቀጥ ያለ ገመድ ወጥር። ኩሬው ቢታጠፍም አንተ አትታጠፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መታጠፊያውን ተከትሎ ይለካና ቁራጮቹ በውስጠኛው በኩል ይደራረቡበታል። በገመዱ ላይ በየ4 ሜትሩ ካስማ ትከል። ከእያንዳንዱ ካስማ ወደ ማዶ ሌላ ገመድ ይሻገራል። ሁሉም ገመዶች እርስ በርስ ትይዩ መሆን አለባቸው። ቀጥ ማለታቸውን ለማረጋገጥ ግንበኞች ማዕዘን የሚያወጡበትን 3፣ 4፣ 5 ሜትር ተጠቀም። በመታጠፊያው ምክንያት ገመዱ መሐል ላይ ደረቅ መሬት ካቋረጠ፣ እዚያ ጥልቀቱ ዜሮ ነው ብለህ ጻፍ።

ጥልቀቱን ለመለካት ውሃው ውስጥ አትግባ። በተለይ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ያንሸራትታል፣ ገብቶ መውጣት ያቃተው ሰው አይቻለሁ። ሁለት ልጆች ገመዱን ከዚህና ከዚያ ማዶ ይያዙልህ። ገመዱ ላይ ቀለበት እሰር፣ በቀለበቱ ሲባጎ አሳልፍ፣ የሲባጎው ጫፍ ላይ ክብደት ይንጠልጠል። ልጆቹ ቀለበቱን በየ2 ሜትሩ ያስጠጉልሃል። ክብደቱ ውሃውን ሲነካ ሲባጎው ላይ ምልክት አድርግ፣ መሬት ነክቶ ሲላላ ሌላ ምልክት አድርግ። በሁለቱ መሐል ያለው ጥልቀቱ ነው። እኔ መጀመሪያ የግንበኛ ቱንቢ አስሬ ነበር። ሹል ስለሆነ ደለሉ ውስጥ እየሰመጠ ውሃ የሌለበትን ውሃ ቆጠረልኝ። በጠፍጣፋ ብረት ቀየርኩት።

አሁን ወደ ሂሳቡ። 12ኛው ሜትር ላይ ወርዱ 10 ሜትር ነበር። በየ2 ሜትሩ ያገኘሁት ጥልቀት ከዳር እስከ ዳር 0፣ 1.2፣ 2.1፣ 2.2፣ 1.3፣ 0 ነው። ድምሩ 6.8፣ በ2 ሜትር ሲባዛ 13.6 ካሬ ሜትር። የዚያ ቁራጭ ፊት ይህ ነው።

አማካይ ጥልቀት ማውጣት ከፈለግህ ግን ተጠንቀቅ። 6.8ን በስንት ታካፍላለህ? አራት ቁጥር ስላለ በ4 ካካፈልክ 1.7 ይመጣል፣ ይበዛል። ዜሮዎቹን ቆጥረህ በ6 ካካፈልክ 1.13 ይመጣል፣ ያንሳል። ማካፈል ያለብህ በመሐላቸው ባሉት ክፍተቶች ብዛት ነው። ክፍተቶቹ 5 ናቸው፣ ስለዚህ 1.36 ሜትር። በ10 ሜትር ወርድ አባዛው፣ ተመልሶ ያው 13.6 ነው። የኩሬህ ዳር እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ዳሩ ላይ ያለው ጥልቀት ዜሮ አይደለም። ያኔ የሁለቱን ዳሮች ጥልቀት ግማሽ ግማሹን ብቻ ደምር።

የሌሎቹ ቁራጮች ፊት 4ኛው ሜትር ላይ 5.8፣ 8ኛው ላይ 11.0፣ 16ኛው ላይ 12.4፣ 20ኛው ላይ 6.2 ካሬ ሜትር ሆነ። ሁለቱ ጫፎች፣ 0 እና 24፣ ዜሮ ናቸው። የሁሉም ድምር 49 ነው። በ4 ሜትር ሲባዛ 196 ሜትር ኪዩብ። ከ528 ወደ 196! ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በየ4 ሜትሩ መለካቱ በቂ መሆኑን የማውቀው እንዲህ ነው። አንድ እየዘለልኩ 8ኛውንና 16ኛውን ብቻ ወስጄ በ8 ሜትር ሳባዛ 187 መጣ። ከ196 ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ያንተ ሁለት ውጤቶች ተራርቀው ከመጡ፣ ቅርጹ ቶሎ በሚቀየርበት ቦታ ላይ በየ2 ሜትሩ ለካ።

አንድ ጎረቤቴ አቋራጭ አለ ብሎኝ ነበር። ጀልባ ነገር ላይ ሆኖ መሐል ለመሐል ብቻ ጥልቀት ይለካና አማካዩን በውሃው ገጽ ስፋት ያባዛል። በኔ ኩሬ ሞከርኩት። የገጹ ስፋት 168 ካሬ ሜትር ነው፣ የመሐሉ አማካይ ጥልቀት ደግሞ 1.82። ወደ 306 ሜትር ኪዩብ መጣ። እውነተኛው አማካይ ጥልቀት ግን 1.17 ነው። መሐል መሐሉን ብቻ ስትለካ ጥልቁን ነው የምትለካው።

በሞተርም አረጋገጥኩ። ይህን ሳታደርግ ቁጥርህን አትመን። ሞተሬ 200 ሊትሩን በርሜል በ20 ሰከንድ ይሞላል፣ ማለትም በሰከንድ 10 ሊትር። ከሞላ ኩሬ ውስጥ በ27 ደቂቃ ውሃው 10 ሳንቲ ሜትር ወረደ። የወጣው 16.2 ሜትር ኪዩብ ነው። ይህንን በ0.1 ስታካፍለው 162 ካሬ ሜትር ይሰጥሃል። እኔ በገመድ ያገኘሁት 168 ነበር። ትንሽ ያነሰው ውሃው ሲወርድ ገጹ ስለሚጠብ ነው። ሙከራውን ጠዋት በማለዳ፣ ከቦይ የሚገባ ውሃ በሌለበት ሰዓት አድርገው። የበርሜሉን ጊዜም ቱቦው ማሳ ላይ በሚያፈስበት ከፍታ ለካው። ሞተር ውሃን ከፍ ወዳለ ቦታ ሲገፋ የሚያወጣው ይቀንሳል።

ደለሉን አትርሳ። ከክረምት በኋላ ካስማዎቹን እዚያው ቦታቸው ላይ አገኘኋቸውና ውሃው እንደ በፊቱ ሲሞላ እንደገና ለካሁ። የቁራጮቹ ድምር ከ49 ወደ 45 ወርዷል። 16 ሜትር ኪዩብ ጭቃ ገብቶልኛል ማለት ነው። አሁን የምይዘው 180 ነው። ሽንኩርቱን ወደ 1,000 ካሬ አወረድኩት። አንድ ማጠጣት 40 ሜትር ኪዩብ ስለሚፈጅ፣ ሞተሩ የማይስበውን ከታች ትቼ አራት ጊዜ ያደርሰኛል።

ካስማዎችህን ከመሬት አትንቀላቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት ትፈልጋቸዋለህ።