ከጠርሙስና ከፕላስቲክ ዕቃ ላይ አልለቅ ያለ ሙጫ

«የጃም ጠርሙሱ ወረቀት ተነሳልኝ፣ ሙጫው ግን በሳሙና ስንቴ ባጥበው እምቢ አለ። ማር ልሞላበት ነው። ፕላስተር የተለጠፈበት የፕላስቲክ ዕቃም አለኝ።»

ውሃውን ተይውና የምግብ ዘይት ቀቢው። ይሄ ሙጫ ውሃ አያስገባም፣ ዘይት ግን ውስጡ ገብቶ ያለሰልሰዋል።

እኔ ባሕር ዳር ማር የምሞላባቸውን ጠርሙሶች የማጸዳው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጠርሙሱን በደንብ አድርቂና ክዳኑን ግጠሚ፣ እርጥብ ከሆነ ዘይቱ ሙጫው ጋ አይደርስም። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጋር ለውሰሽ ሙጫው ላይ ለጥፊውና ግማሽ ሰዓት ተይው። ከዚያ በጣትሽ ስታሺው እየተጠቀለለ ይነሳል። ካልተነሳ አትፋቂው፣ ገና አልራሰም ማለት ነው፤ ዘይት ጨምሪና ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ።

በመጨረሻ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ሁለቴ እጠቢው። ጣትሽን ስታስኬጂበት ካንሸራተተ ዘይቱ አልወጣም፣ ሲጥ ሲጥ ካለ ጸድቷል። ማሩን ከመጨመርሽ በፊት ውስጡ ጠብታ ውሃ እንዳይቀር፣ እርጥበት ማሩን ያስቦካዋል።

ለፕላስቲኩ ሶዳውን ተይው፣ ይጭረዋል። ዘይት ብቻ ቀብተሽ ቆይተሽ በለስላሳ ጨርቅ እሺው።

አደራ፣ ፕላስቲክ ላይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እንዳትሞክሪ። እኔ አንድ ጥርት ያለ ዕቃዬን በሱ ጠርጌው ወዲያው ደበዘዘ፣ ገጹ ሟሙቶ ነበርና ከዚያ ወዲህ ምንም ባጥበው አልተመለሰም። ቤንዚንም ቢሆን ሽታው ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀራል፣ ምግብ አታስቀምጪበትም።