ኖንዲተርሚኒስቲክ ማሽንን በዲተርሚኒስቲክ ማስኬድ፦ ለምን ደረጃ በደረጃ?

«አንዱን ቅርንጫፍ እስከ መጨረሻው ሄደን ካልሆነ ሌላውን ብንሞክር ምን ችግር አለው? ቅርንጫፎቹን ሁሉ ደረጃ በደረጃ የሚያየው ብሬድዝ-ፈርስቱስ ቴፕ ላይ እንዴት ነው የሚሠራው?»

ኖንዲተርሚኒስቲክ ማሽን በአንድ እርምጃ ከአንድ በላይ ምርጫ ሊኖረው ይችላል፤ እያንዳንዱ የምርጫ መንገድ አንድ ቅርንጫፍ ነው፤ አንዱ እንኳ ከተቀበለ ማሽኑ ተቀበለ ማለት ነው። ችግሩ መጨረሻ የሌለው ቅርንጫፍ መኖሩ ነው። በትንሽ ማሽን እንየው። ሥራው ግብዓቱ ውስጥ 11 መኖሩን መለየት ነው። በመነሻው ሁኔታ q0 ላይ ሆኖ 0 ሲያነብ ወደ ቀኝ ያልፋል። 1 ሲያነብ ሁለት ምርጫ አለው፦ በ1ኛው q0 ላይ እንዳለ፣ በ2ኛው ወደ q1 ተቀይሮ ወደ ቀኝ ያልፋል። q1 ላይ 1 ካገኘ ይቀበላል፤ ሌላ ካገኘ መሄጃ የለውም። q0 ባዶ ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ ዝም ብሎ ወደ ቀኝ ይቀጥላል።

ግብዓቱ 011 ይሁን። ሁልጊዜ 1ኛውን ምርጫ አስቀድመህ በጥልቀት ከሄድክ ግብዓቱን አልፈህ ባዶው ላይ ስትነጉድ ትኖራለህ፤ የሚቀበለው ቅርንጫፍ ግን 3 እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው።

ስለዚህ ሦስት ቴፕ እንይዛለን። 1ኛው ግብዓቱን ይዞ አይነካም፣ 2ኛው የማስመሰያ ሰሌዳ ነው፣ 3ኛው አድራሻ ይይዛል። አድራሻው በየእርምጃው የትኛው ምርጫ እንደሚወሰድ የሚናገር የቁጥሮች ሰንሰለት ነው። እዚህ ምርጫው ቢበዛ 2 ስለሆነ ቁጥሮቹ 1 እና 2 ናቸው። አጭሩን እያስቀደምን እንዘረዝራለን፦

```
(ባዶ), 1, 2, 11, 12, 21, 22, 111, 112, 121
```

ለእያንዳንዱ አድራሻ 2ኛውን ቴፕ አጽዳ፣ ግብዓቱን ከ1ኛው ገልብጥ፣ ከ q0 ጀምረህ አድራሻውን ተከተል። 0 ላይ አንድ ምርጫ ብቻ ስላለ በ2 የሚጀምር አድራሻ ሁሉ ወዲያው ይወድቃል። 112 በ q1 ያበቃል፣ ገና አልተቀበለም። 10ኛው አድራሻ 121 ግን 0ን ያልፋል፣ በመጀመሪያው 1 ላይ q1 ይገባል፣ በሁለተኛው 1 ላይ ይቀበላል።

ብዙ ጊዜ ስህተት የሚገባው ማጽዳቱ ላይ ነው። ማሽኑ ቴፑ ላይ የሚጽፍ ከሆነ የቀደመው ሙከራ ትራፊ ይቀርና፣ በኖንዲተርሚኒስቲኩ ውስጥ ጨርሶ የሌለ ስሌት «ተቀበለ» ሊል ይችላል። የወደቀ አድራሻን እንደ እምቢታ ቆጥሮ ማቆምም ስህተት ነው፤ የዚያ አድራሻ ጉዳይ አበቃ ማለት ብቻ ነው።

ሁልጊዜ ከሥር መጀመሩ ብክነት ይመስላል። ወረፋ ሠርቶ የደረጃውን ሁኔታዎች በሙሉ ማስቀመጥ ግን t እርምጃ ጥልቀት ላይ እስከ 2^t ቅጂ ቦታ ይፈልጋል። በአድራሻ ከሄድን የሚያስፈልገን አንድ ሰሌዳና t ርዝመት ያለው አድራሻ ነው፤ ጊዜው ግን ያው በ t ኤክስፖኔንሻል ሆኖ ያድጋል።

ግብዓቱ 010 ከሆነ ይህ አስመሳይ አይቆምም፤ የባዶው ጉዞ ስለማያልቅ በየርዝመቱ ሕያው፣ ማለትም ሳይወድቅ እስከ መጨረሻው የሚሄድ፣ አንድ አድራሻ አይጠፋም። የባዶ ቦታውን ሕግ ከሰረዝነው ግን ቅርንጫፎቹ ሁሉ ያልቃሉ። ያኔ «በዚህ ርዝመት አንድ እንኳ ሕያው አድራሻ ነበር?» የሚል ምልክት እንይዛለን። ርዝመት 3 ላይ 111 ሕያው ነው፤ ርዝመት 4 ላይ 16ቱም ይወድቃሉ፤ በድምሩ 31 አድራሻ ሞክረን እምቢ እንላለን።