«ጤና ይስጥልኝ» እና ያልታወቀው ተቀባይ

ጥያቄ፦ ለአንድ ድርጅት የሥራ ማመልከቻ በኢሜይል ልልክ ነው። ማስታወቂያው ላይ የኃላፊ ስም የለም። ወንድ ይሁን ሴት፣ ዶክተር ይሁን ኢንጂነር አላውቅም። «ውድ ጌታዬ/እመቤቴ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ እኅቴ ግን «እሱን አጥፋና ለሚመለከተው ሁሉ በል» አለችኝ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉአቸው። በወረቀት ለሚገባ ማመልከቻ የክፍሉን ስም በ«ለ» ጀምሮ መጻፍ ብቻውን ይበቃል፤ ሌላ የመክፈቻ ሰላምታ አይፈልግም። በኢሜይል ሲሆን ደግሞ ከዚያው ሥር «ጤና ይስጥልኝ» ብለው ወደ ጉዳይዎ ይግቡ።

«ውድ ጌታዬ/እመቤቴ» ከእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። መገልበጡ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ችግሩ ቃላቱ በአማርኛ የየራሳቸው ቤት ያላቸው መሆኑ ነው። «ውድ» የቅርብ ሰው ቃል ነው፤ «ውድ እናቴ»፣ «ውድ ወንድሜ» ብለን የምንጽፈው ለምንናፍቀው ሰው ነው። ለብዙ ሰው በአንድነት ሲነገር «ውድ አንባቢያን»፣ «ውድ ደንበኞቻችን» እየተባለ ለጆሮ ተስማምቷል። ለአንድ የማይታወቅ ኃላፊ ሲሆን ግን ያልተገባ ቅርርብ ያሰማል። «ጌታዬ» በቃል ሲነገር ጨዋነት አለው፤ በማመልከቻ ላይ ሲሰፍር ግን ጸሐፊውን ከአመልካችነት ወደ ሎሌነት ያወርደዋል። «እመቤቴ» የብዙ አንባቢን ልብ መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ድንግል ማርያም ጸሎት ነው፤ ከዚያ ቢያልፍ ወደ ቤት እመቤት። በመካከል ያለችው እዝባር ደግሞ ተቀባዩን «ከሁለቱ የሚስማማዎትን ይምረጡ» እንደ ማለት ናት፤ እኔን ከሁሉ የምትከነክነኝ እርሷ ናት።

የእኅትዎ ምክር ከዚህ ይሻላል፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተገቢ ቦታው የሥራ ልምድ ማስረጃና የመሳሰለው ጽሑፍ ነው። ሠራተኛው ማስረጃውን ዛሬ ለባንክ፣ ነገ ለኤምባሲ፣ ከነገ ወዲያ ለሌላ ቀጣሪ ያሳየዋል። ጻፊው መሥሪያ ቤት ማን እንደሚያነበው ሊያውቅ አይችልም፤ ማወቅም አያስፈልገውም፤ ምክንያቱም ማስረጃው ይመሰክራል እንጂ ከአንባቢው ምንም አይጠይቅም። የእርስዎ ደብዳቤ ግን ይጠይቃል። የሚጠይቅ ደብዳቤ «ለሁሉ» ሲጻፍ የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

ይህን የሚያውቁት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ገቢ ደብዳቤ ሲደርሳቸው አስቀድመው የሚያዩት ሁለት መስመር ነው፦ በ«ለ» የሚጀምረውንና «ጉዳዩ» የሚለውን። ከእነዚህ ተነስተው ወደ አንድ ክፍል ያስገቡታል፤ የክፍሉ ኃላፊም ጠርዙ ላይ ጽፎ ለሚሠራው ባለሙያ ይመራዋል። የአማርኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የመክፈቻ ሰላምታ ሳይኖረው የኖረው ለዚህ ነው። የሚጻፈው ለወንበሩ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ቢለወጥ ደብዳቤው አድራሻውን አያጣም። ሰላምታው የሚመጣው መጨረሻ ላይ «ከሰላምታ ጋር» ተብሎ ከፊርማው በላይ ነው። የክፍሉን ስም በፍጹም ማግኘት ካልተቻለ «ለሚመለከተው ክፍል» ማለት ይቻላል፤ እዚህ ላይ «ሚመለከተው» የሚስማማው ከክፍሉ ጋር ስለሆነ የማንንም ጾታ አይገምትም።

አሁን ወደ ሰዋስው ልምጣ፤ የጥያቄዎ ፍሬ ያለው እዚያ ነውና። አማርኛ ጾታን የሚሸሽግባቸውም የሚያጋልጥባቸውም ቦታዎች አሉት። እርስዎ ወንድ መሆንዎን ያወቅሁት እኅትዎ «በል» በማለቷ ነው፤ ሴት ቢሆኑ «በዪ» ትልዎት ነበር። «አንተ» እና «አንቺ»፣ «ላክ» እና «ላኪ»፣ «ስምህ» እና «ስምሽ» ሁሉ እንዲሁ ያጋልጣሉ። የአክብሮቱ ቅርጽ ግን ይህን ልዩነት ያጠፋዋል። «እርስዎ»፣ «ይላኩ»፣ «ስምዎ»፣ «እሳቸው» ለወንድም ለሴትም አንድ ናቸው። የዚህ ምክንያቱ አክብሮት በአማርኛ በብዙ ቁጥር መልክ መነገሩ ነው፤ «ይላኩ» ለብዙ ሰዎችም፣ ለአንድ የተከበረ ሰውም ይሆናል፤ የአማርኛ ብዙ ቁጥር ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። ስለዚህ የማያውቁትን ሰው ሲያከብሩ ጾታውንም አብረው ይሸሽጋሉ።

የሚያጋልጠው ሌላው ቦታ ቃል መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ምልክት ነው። «ለኃላፊው» ካሉ ወንድ ነው ብለዋል፤ «ለኃላፊዋ» ካሉ ሴት ናት ብለዋል። ነገር ግን «ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ» ሲሉ ምልክቱ ስለሌለ ቃሉ ለሁለቱም ክፍት ነው። ብዙ ጸሐፊ አድራሻው ላይ ይጠነቀቅና ሐተታው ውስጥ «ኃላፊው እንዲያዩልኝ» ብሎ ይስታል። «እንዲያዩ» አክብሮት ነው፤ «ኃላፊው» ግን ግምት ነው።

ሦስተኛው መሸሸጊያ የተገብሮ ግሥ ነው። «ማመልከቻዬ እንዲታይልኝ በማክበር እጠይቃለሁ» ሲባል የሚያየው ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ፈጽሞ ወጥቷል። ይህ አነጋገር የቢሮ ድርቀት ነው ብለው የሚነቅፉት አሉ፤ በየመስመሩ ሲደጋገም እኔም አልወደውም። ማንነቱ ላልታወቀ ሰው አንድ ጊዜ ሲገባ ግን የሚተካው የለም።

ታዲያ «ጤና ይስጥልኝ»ን ለምን መረጥሁ? ከዕለት ሰላምታዎቻችን ብዙዎቹ ተቀባዩን የሚያመለክት ምልክት ይዘዋል። «እንደምን አለህ» ወንድ፣ «እንደምን አለሽ» ሴት፣ «እንደምን አላችሁ» ብዙ። «እንደምን አሉ» ጾታ ባይለይም መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው፤ «እንደምን አደሩ» ደግሞ ኢሜይሉ ማታ ቢነበብ ሰዓቱን ይስታል። «ጤና ይስጥልኝ» ውስጥ ግን ሰጪው በስም ያልተጠራው እግዚአብሔር ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ልኝ» ደግሞ የምታመለክተው ተናጋሪውን ነው። ተቀባዩ በግሡ ላይ የለም። «ይስጥህ»፣ «ይስጥሽ»፣ «ይስጥዎ» ብለን መምረጥ ሳያስፈልገን ለአንድም ለብዙም፣ ለወንድም ለሴትም፣ ለሚኒስትርም ለጥበቃም እንላለን። «ሰላም» ብቻውንም ጾታ የለውም፤ ለሥራ ባልደረባ ይሆናል፤ ለመጀመሪያ ማመልከቻ ግን ይቀልላል። «ይድረስ ለ…» ደግሞ መልካም ጥንታዊ አገባብ ነው፤ ዛሬ የሚያስታውሰው ግን በፖስታ የሚላክ የቤተ ዘመድ ደብዳቤን ስለሆነ ለዚያው ይቆይ።

የእርስዎን ኢሜይል እንዲህ አድርጌ ብጽፈው ደስ ይለኛል፤ የቀረውን በራስዎ ቃል ይሙሉት፦

ለ(የድርጅቱ ስም) የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ስለማመልከት

ጤና ይስጥልኝ፤

ድርጅቱ ባወጣው የሥራ ማስታወቂያ መሠረት በሒሳብ ሠራተኛነት ለመወዳደር የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎቼን ከዚህ ጋር አያይዤ አቅርቤአለሁ። ማመልከቻዬ እንዲታይልኝ በማክበር እጠይቃለሁ። ተጨማሪ ማስረጃ ካስፈለገ ከታች ባለው ስልክ ቢያሳውቁኝ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ስምና ስልክ)

«ድርጅቱ» የሚለው ቃል ባለቤት ሆኖ ስለገባ ሰው መጥቀስ አላስፈለገም፤ «ቢያሳውቁኝ» አክብሮት ስለሆነ አንድ ሰውም ቢያነበው፣ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴም ቢያነበው ያው ነው። ከላኩ በኋላ ሳይሆን ከመላክዎ በፊት አንድ ፍተሻ ያድርጉ፦ ደብዳቤውን አንድ ጊዜ ወንድ፣ አንድ ጊዜ ሴት ያነበበችው አድርገው ለራስዎ ያንብቡት። በሁለተኛው ንባብ ላይ የሚያደናቅፍ ቃል ካለ ብዙውን ጊዜ ወይ «ው» የተጨመረበት የማዕረግ ስም ነው፣ ወይ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የተንሸራተተ ግሥ።

ከፍ ያለ ማዕረግ ላላቸው ሰዎች ሲጻፍ አንድ እንቅፋት አለ። «ክቡር» ከግዕዝ የመጣ ቅጽል ስለሆነ እንደ «ቅዱስ» እና «ቅድስት»፣ «ልዑል» እና «ልዕልት» ሁሉ ወንድና ሴት ይለያል፤ ሴቷ «ክብርት» ናት። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሣህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ «ክቡር ፕሬዚዳንት» ማለት የለመደ ብዕር ሁሉ ወደ «ክብርት ፕሬዚዳንት» መዞር ነበረበት። ጾታው ካልታወቀ «ክቡር/ክብርት» ብለው እዝባር አያስገቡ። «የተከበሩ» የሚለው የአማርኛ አክብሮት ስለሆነ ሁለቱንም ይይዛል፤ በምክር ቤታችን «የተከበሩ አቶ»፣ «የተከበሩ ወይዘሮ» ሲባል የምንሰማው አንዱ ቃል ነው። ወይም ደብዳቤውን ለጽሕፈት ቤቱ ያድርጉት።

የሚቀጥለው ጥያቄ መልስ ሲመጣልዎ ይነሳል። በፊርማው ሥር ባለው ቲተር ላይ ስም ያገኛሉ፤ ያም ስም ደስታ፣ ሙሉ፣ ጽጌ ወይም ብርሃኔ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ስሞች ወንዶችም ሴቶችም ይጠሩባቸዋል። ሴት መሆናቸውን ቢያውቁ እንኳ «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» በጋብቻ ስለሚለዩ ሌላ ግምት ይጠብቅዎታል። ለአንዲት ሴት ባልደረባዬ «አቶ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ አንድ ቢሮ ለሁለት ዓመት ሲልክላቸው አይቻለሁ፤ በየጊዜው ቢያርሙም ከመዝገቡ አልወጣላቸውም። ስለዚህ ቲተሩ ላይ «ዶክተር» ወይም «ኢንጂነር» ካለ ከስማቸው ፊት ያንኑ ያድርጉ፤ እነዚህ ማዕረጎች ጾታ የላቸውም። ማዕረግ ከሌለ ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ይጻፉት፤ ከሥሩ ቲተሩ ላይ የተጻፈውን የሥራ መደብ ያስከትሉ፤ «አቶ»ንም «ወይዘሮ»ንም እሳቸው ራሳቸው እስኪነግሩዎ ድረስ ያቆዩት።