የልጆች ሥዕል ውድድር ዳኝነት፦ ጥያቄና መልስ

የሥዕል መምህር ነበርኩ፤ ብዙ የትምህርት ቤት ውድድርም ዳኝቻለሁ። ጠይቁ፤ ግን ክፍሉንና ርዕሱን ሳትጠቅሱ አትጠይቁኝ።

«መምህር፣ ጥሩ ሥዕል የቱ ነው? በምን እንዳኝ?»

ስንተኛ ክፍል? ምን ሳሉ ተባሉ?

«ይቅርታ። 1ኛና 2ኛ ክፍል ነው። ርዕሱ ‹እንቁጣጣሽ በእኛ ቤት› የሚል ነው።»

አሁን ተግባባን። ከ20 ያዙ። 8ቱ ለሐሳቡ ነው፦ ልጁ የራሱን ቤት በዓል አሳየን ወይስ የማንንም? 5ቱ ላስተዋለው፦ ቄጤማው፣ የእናቱ ነጠላ ጥለት፣ ረከቦት ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች። 5ቱ ለወረቀቱ አጠቃቀም፣ 2ቱ ለቀለም አያያዝ። ለንጽሕና ዜሮ። ዳኛው ጣቱን ሥዕሉ ላይ አድርጎ «ነጥቡ ለዚህ ነው» ማለት ካልቻለ ነጥቡን ይተወው።

በዚህ ዕድሜ እናት ከቤቱ በልጣ ልትሳል ትችላለች። ልጁ አልተሳሳተም፤ ለእሱ ትልቅ የሆነውን ነው ትልቅ ያደረገው። መሬቱ ከታች አንድ መስመር ይሆናል፣ ሰማዩ ከላይ አንድ ሰማያዊ ጥብጣብ፣ መሃሉ ባዶ። ግድግዳው እያለ የቤቱ ውስጥ ይታያል። ለዚህ ነጥብ የሚቀንስ ዳኛ የሚቀጣው ዕድሜውን ነው። ስለዚህ 1ኛና 2ኛ ክፍልን ከ5ኛና 6ኛ ጋር አትቀላቅሉ።

«ልጄ በጣም ጎበዝ ናት። አምና ሳትሸለም ቀረች። አድልዎ አይደለም?»

ሥዕሏን አላየሁትም። ቀጣይ።

«ከቤት የሚመጣውን ሥዕል ወላጅ እንደሠራው በምን እናውቃለን?»

አትድከሙ። ክፍል ውስጥ ይሥሩት። አንድ ዓይነት ወረቀት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከለር፣ አንድ ሰዓት። ያኔ 24 ቀለም ያለው ልጅና 3 ስብርባሪ ክራዮን የያዘው ልጅም እኩል ይሆናሉ።

«ወንዶቹ በእንቁጣጣሽ እየዞሩ የሚሰጡትን መልአክና አደይ አበባ ነው ደግመው የሚስሉት። ኮፒ ስለሆነ ዜሮ መስጠት ነው።»

«ኧረ ባክህ! እኛ በዚያ ሥዕል ሳንቲም ለቅመን ነው ደብተር የገዛነው። ባህል እኮ ነው!»

«ባህልና ውድድር አታምታታ።»

ተረጋጉ። ዜሮ አይዋጥልኝም። መልአኩን ከጓደኛው ቀድቶ ከሥሩ የራሱን ግቢ ከሳለ፣ ለግቢው ነጥብ አለው።

«መልአኩን አሳምሮ የቀዳው ልጅስ? እጁ አይቆጠርለትም?»

ከ2ቱ ውስጥ ይቆጠርለታል።

«2 ታንሳለች፣ መምህር። እጅም እኮ ችሎታ ነው።»

ለ6ኛ ክፍል ቢሆን እከራከርህ ነበር። ለትንንሾቹ ግን አልጨምርም።

«3 ዳኞች ነን። ነጥቡን ደምረን ለ3 እናካፍል?»

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ድምር ያታልላል። እንዲህ አስቡት፦ ሁለት ለጋስ ዳኞች አሉ፣ አንድ ቆጣቢ። ለጋሶቹ ለሥዕል ቁጥር 7፣ 12 እና 19 በቅደም ተከተል ሰጡ፦ አንዱ 18፣ 17፣ 16፤ ሌላው 17፣ 16፣ 15። ቆጣቢው ደግሞ 8፣ 9፣ 16። ስትደምሩ 7 ቁጥር 43፣ 12 ቁጥር 42፣ 19 ቁጥር 47 ያመጣል። ከ3ቱ ዳኞች ሁለቱ መጨረሻ ያደረጉት ሥዕል አንደኛ ወጣ! አንድ ሰው ነጥቡን ስላራራቀ ብቻ ውድድሩን ብቻውን ወሰነው።

መፍትሔው ነጥቡን ወደ ደረጃ መቀየር ነው። 7 ቁጥር 1፣ 1፣ 3 ያገኛል፤ ድምሩ 5። 12 ቁጥር 6፣ 19 ቁጥር 7። ትንሽ ድምር ያለው ያሸንፋል። ይህም ጉድለት አለው፤ በጣም የሚበልጠውንና በጥቂት የሚበልጠውን እኩል ያያል። ስለዚህ ሦስተኛውን ዳኛ «19 ላይ ምን አየህ?» በሉት። እኛ ያላየነውን አይቶ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን 5 ሥዕል አንድ ላይ ዳኙና ነጥባችሁን አስተያዩ። ልዩነቱ የሚጋለጠው ያኔ ነው።

«የሥዕል መመዘኛው ምን ምንድን ነው?»

ከላይ አንብቡ። ለንጽሕና ዜሮ።

«ያልተሸለሙትስ? ለሁሉም ደረጃ እንስጥ?»

ከ1 እስከ 3 ብቻ። 37ኛ የወጣ ልጅ ቁጥሩን ይዞ ቤት ምን ይላል? ለሌሎቹ ከሥዕሉ ጀርባ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ጎበዝ» አትበሉ፤ ያያችሁትን ጻፉ፦ «ዶሮዋ ከእጅህ ልታመልጥ ስትል አየናት።» 40 ልጅ ካለ 40 የተለያየ ነገር ነው የሚጻፈው። ያደክማል፣ አውቃለሁ።

«የክፍሉ አስተማሪ ቢዳኝ ችግር አለው?»

አለው። ስሙን ብትሸፍኑም የልጁን እጅ ያውቀዋል። ከጀርባ ቁጥር ይጻፍ፣ ክፍሎቹንም ተቀያይራችሁ ዳኙ።

«ትምህርት ቤታችን ትንሽ ነው፤ ሁላችንም ሁሉንም ልጆች እናውቃለን።»

እንግዲያው ከጎረቤት ትምህርት ቤት አንድ መምህር ለምኑ። ለንጽሕና ነጥብ እንዳይሰጥ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት።