ከከንፈር ሥር የምትቀመጠው ከረጢት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሲጋራ ከጻፍኩ በኋላ ጥያቄው ሁሉ ወደ ስኑስ ዞረ። ብዙው ከስዊድን ነው፤ አይገርምም። የአውሮፓ ኅብረት የስኑስን ሽያጭ በ1992 እ.ኤ.አ. አግዷል። ስዊድን ግን በ1995 ኅብረቱን ስትቀላቀል «የእኔን አትንኩብኝ» ብላ ነው የገባችው። ከመጀመራችን በፊት ሁለቱን እንለይ። ስኑስ ከከንፈር ሥር የሚደረግ የተፈጨ እርጥብ ትንባሆ ነው። ነጯ የኒኮቲን ከረጢት ደግሞ የትንባሆ ቅጠል የለባትም። ውስጧ ኒኮቲን፣ የዕፅዋት ቃጫና ማጣፈጫ ነው ያለው።

«ስኑስ ከጀመርኩ 7 ዓመት ሆነኝ። ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው የማስቀምጠው። እዚያው ቦታ ነጭ፣ ሽብሽብ ያለ ነገር አየሁ። ጥርሴም የረዘመ መሰለኝ። ካንሰር ይሆን?»

ነጩ ነገር ካንሰር የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። የስዊድን ጥርስ ሐኪሞች በየጊዜው የሚያዩት የስኑስ ምልክት ይመስላል። ኒኮቲን በአፍ ውስጥ ሥጋ በኩል ወደ ደም በደንብ የሚያልፈው አካባቢው እንደ ቤኪንግ ሶዳ አልካላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ አምራቾች ሆን ብለው እንደዚያ ያደርጉታል። ሥጋው ደግሞ በየቀኑ ሲለበለብ ይወፍራል፤ ዶማ የያዘ መዳፍ እንደሚሻክረው ማለት ነው። በእጅ የሚጠቀለለው ልቅ ስኑስ ከታሸገው የባሰ ምልክት ይተዋል። ነጯ ከረጢት ያን ያህል አትጎዳም። ግን ገበያ ላይ ከወጣች ገና ብዙ አልቆየችም፤ የ30 ዓመት ተጠቃሚ ድድ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው የለም።

ፈተናው ቀላል ነው። አቁመውና ጠብቅ፤ የስኑስ ምልክት ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ይሳሳል፣ ይጠፋልም። ካልጠፋ፣ ቀይ ነገር ከተቀላቀለበት፣ ሲነኩት ከጠጠረ፣ ወይም ቆስሎ በ3 ሳምንት ካልዳነ ሐኪም ቁራሽ ወስዶ ይመርምረው።

ጥርስህ ግን አልረዘመም፤ ድድህ ነው የሸሸው። ይሄኛው ነው የሚያሳዝነው፤ የሸሸ ድድ ስኑስ ስላቆምክ ብቻ ተመልሶ አይወጣም። ሥሩ ስለተገለጠ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠዘጥዝሃል። ሲብስ ከላንቃ ሥጋ ተወስዶ ይሰፋል።

ከሲጋራ ጋር እናስተያየው ካልን፣ የስኑስ ጉዳት የተቀመጠበት ቦታ ላይ ያተኩራል። ሲጋራ ግን በአፍ ሙሉ ጥርስ የያዘውን አጥንት ይበላል። ደግሞ ተንኮለኛ ነው። የአጫሽ ድድ ቢታመምም ብዙ አይደማም፤ ስለዚህ ጤነኛ ይመስላል። ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው ሰውየው የሚነቃው።

«አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። አምና የልብ ደም ሥራቸው ተዘግቶ ስቴንት ገባላቸው። ሲጋራውን ጥለው ስኑስ ጀመሩ። እኛም ተመስገን ብለናል። ልክ ነን?»

ግማሽ መንገድ ሄደዋል፤ ተመስገን ማለታችሁ አግባብ ነው። የሲጋራ ጭስ ልብን የሚጎዳው በዋናነት በኒኮቲኑ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይዱ የኦክስጅንን ቦታ ይሻማል። ከጭሱ የሚመጡት ሌሎች ኬሚካሎች የደም ሥሩን ውስጠኛ ግድግዳ ያቆስላሉ፤ ደሙም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋሉ። ስኑስ ውስጥ ጭስ የለም። በስዊድን ወንዶች ላይ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶችም ስኑስ ተጠቃሚዎች ከማይጠቀሙት ይልቅ በልብ ድንገተኛ ሕመም እንደሚያዙ አላሳዩም።

አባትሽ ግን አንዴ ታመዋል፤ ስሌቱ እዚህ ላይ ይለወጣል። ኒኮቲን አድሬናሊንን ያስለቅቃል። የልብ ምት ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል፣ ደም ሥር ይጠባል። የተጎዳ ልብ ይህን እንደ ጤነኛው አይሸከምም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የስዊድን ጥናት ከልብ ሕመም የተረፉ 2,474 ስኑስ ተጠቃሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ስኑሱን ያቆሙት የሞቱበት መጠን ከቀጠሉት ግማሽ ገደማ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ ያቆሙት ሰዎች በሌላም ነገር ጠንቃቃ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቁጥሩን እንዳለ አልወስደውም። አባቴ ቢሆኑ ግን ይህ ይበቃኝ ነበር።

ስለዚህ ስኑሱ መሸጋገሪያ ይሁን እንጂ ማረፊያ አይሁን። ማቆሚያ ቀን ከልብ ሐኪማቸው ጋር ይቁረጡ። እስከዚያ ወደ ሲጋራ እንዳይመለሱ ብቻ።

«ከረጢት ስለምጠቀም ከ20 ሲጋራ ወደ 2 ወርጃለሁ። ሁለት ምን ታደርገኛለች?»

ለሳንባህ ብዙ ቀንሰሃል። ለልብህ ግን ያሰብከውን ያህል አይደለም። በቀን 1 ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው 20 ከሚያጨሰው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ገደማውን ይሸከማል። ልብ ላይ ጉዳቱ ከሲጋራው ቁጥር ጋር እኩል አይወርድም። ሁለቷን ጣላት። ከረጢቷን በኋላ እንነጋገርባታለን።

«በቀን 15 ሲጋራ አጨስ ነበር፤ አሁን 11 ሚሊግራም የሚል ከረጢት 12 እጠቀማለሁ። ሳላደርግ ስቀር ያንቀጠቅጠኛል። ሱሴ ባሰ እንዴ?»

እናስላው። ከአንድ ሲጋራ ወደ ደምህ የሚገባው ኒኮቲን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ ከ15 እስከ 30 ነበርክ። አሁን 12 ጊዜ 11፣ 132 ነው። አትደንግጥ፤ ግማሽ ያህሉ ከረጢቷ ውስጥ ቀርቶ ይጣላል። 66 ይቀራል። ከዚህም ላይ ከምራቅ ጋር የምትውጠውን ጉበትህ ይቀንሰዋል። ስለዚህ 66ን እንደ ጣሪያ ያዘው። ያም ሆኖ ከሲጋራው ዘመንህ በላይ ኒኮቲን እየወሰድክ ሊሆን ይችላል።

ሲጋራ በሰከንዶች አንጎል ይደርሳል፤ ሱስ አስያዥነቱም ከዚያ ፍጥነት ነው። ከረጢት ጫፍ ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። ሽታ ስለሌላት ግን ቢሮም፣ ታክሲም፣ አልጋ ላይም አፍህ ውስጥ ናት። ደምህ ከኒኮቲን የሚያርፍበት ሰዓት የለም። ጠዋት በተነሳህ በ30 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያዋን ካስገባህ ሱሱ ጠንካራ ነው።

ቁጥሩን ሳይሆን መጀመሪያ ጥንካሬውን ቀንስ፦ ከ11 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 3፣ በየእርከኑ 2 ወይም 3 ሳምንት። የጠዋቷን ደግሞ በየሳምንቱ በግማሽ ሰዓት አዘግያት። ጨርሰህ ስታቆም ሐራራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የሚበረታው። እንቅልፍ ይነሳሃል፣ ያነጫንጭሃል፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ካቃተህ ቫረኒክሊን የሚባለውን መድኃኒት ሐኪም ይዘዝልህ፤ ስኑስ በሚያቆሙ ሰዎች ላይም ተሞክሮ ረድቷል።

«ቶምባክ የሚባለው የሱዳን ትንባሆም ከከንፈር ሥር ነው የሚደረገው። ከስኑስ በምን ይለያል?»

በብዙ ነገር! ከላይ ስለ ስኑስ ያልኩትን ለቶምባክ አታውሉት። ስኑስ በእንፋሎት ስለሚቀቀል ካንሰር አምጪዎቹ ናይትሮሳሚኖች ዝቅ ይላሉ። ቶምባክ ግን ይቦካል፤ በዚያ ላይ አትሮን የሚባል ሶዳ ይጨመርበታል። ናይትሮሳሚኑም ከስኑስ ጋር የማይወዳደር ብዙ ነው። ሱዳን ውስጥ ከአፍ ካንሰር ጋር ስሙ የሚነሳው በዚህ ነው።

«የ2 ዓመት ልጄ ከቅርጫት ያገለገለ ከረጢት አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች። ተፋችው። ያገለገለ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?»

ግማሹ ኒኮቲን ውስጡ ይቀራል ያልኩትን አስታውሺ። ለሕፃን ጥቂት ሚሊግራም ብዙ ነው። አፏን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ እንድታስታውክ አታድርጊያት፣ ወዲያው ለመርዝ መረጃ መስመር ወይም ለሐኪም ደውይ። ካስመለሳት፣ ከገረጣች፣ ምራቋ ከበዛ፣ ካላባት ወይም ከደነዘዘች ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጃት። ክዳኑ ላይ ያገለገሉት የሚጣሉበት ክፍል ያለው የከረጢቱ ጣሳም ለልጅ እጅ ቀላል ነው፤ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው።